ከፈተና በፊት የሚላክ የሦስት ደቂቃ ድምፅ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ አጭር ንግግር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚወስድ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህ ጉዳይ ይደርሳችኋል። ወቅቱ ሲቃረብ ወላጆቻችን «እስቲ አንድ ነገር በሏት፣ አበርቷት» ይሉናል። ስልኩን እናነሣለን፣ የቴሌግራሙን የድምፅ ምልክት እንጫናለን፣ ከዚያ በኋላ የምንለው ይጠፋናል። ሲጠፋን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚለውን እንላለን።

መጀመሪያ ተፈታኟ ያለችበትን ሁኔታ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ይህ ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው ተማሪዎቹ በተማሩበት ትምህርት ቤት አይደለም። ብዙዎቹ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ ፈተናው እስኪያልቅም እዚያው ግቢ ውስጥ ያድራሉ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ፈተና እንዳይሰረቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄ ቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ፈተናው እንዲራዘም ተደርጎ ነበር።

ስለዚህ የምትልኩት ድምፅ የሚሰማው ቢዘገይ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ነው። ከዚያ በኋላ ተፈታኟ ደግማ ልትሰማው አትችልም። አዳራሹ ውስጥ የሚኖራት በጭንቅላቷ የያዘችው ብቻ ነው። እኔ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ነኝ፤ ኢንተርኔት በማያገኝ መሣሪያ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ስንሠራ ትልቁ ጭንቀታችን ይኸው ነው። አንዴ ከሄደ በኋላ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ትንሽ እናደርገዋለን፣ የማያስፈልገውን ሁሉ እናወጣለን።

ፍራንክፈርት የምትኖር የወንድሜ ልጅ አለችኝ። ደሴ ላለች የአክስቷ ልጅ ለመላክ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ እንዳይላት ብላ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል።

«ውድ እህቴ፣ ትምህርት የሕይወት ብርሃን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው የለፋሽበት ቀን ደርሷል። በዓለም ላይ የማይቻል ነገር የለም። አትፍሪ፣ አትረበሺ። ሁላችንም ተስፋ ያደረግነው በአንቺ ነው። እናትሽ ለአንቺ ስትል የከፈለችውን መሥዋዕትነት አስቢ። እንደምታኮሪን እርግጠኛ ነኝ።»

አማርኛው የሚያስመሰግን ነው። ወንድሜ ሲያነበው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «ይህን ሰምታ ነገ ወረቀቱ ፊቷ ሲቀመጥ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ምክንያት ምን ታደርጋለች?» አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ አንድ በአንድ ማየት ጀመርን።

የእንቁላሉ ተረት ጥሩ ተረት ነው። ግን ትዕግሥትን የሚያስተምር ነው፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል። ለነገ ጠዋት ፈተና እንቁላሉ ዛሬ ማታ እግር አያወጣም። «የማይቻል ነገር የለም» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ተፈታኟ እውነቱን ታውቃለችና። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። እነዚህን ቁጥሮች እዚያ ያለ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ሩቅ አገር ሆነን «ሁሉም ይቻላል» ስንላት የምትሰማው ነገሩን እንደማናውቀው ነው። ከዚያ በኋላ የምንለውንም አታምነንም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን «ሁላችንም ተስፋ ያደረግነው በአንቺ ነው» የሚለው ነው። በፍቅር የተባለ ቃል ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ሲያን ቤይሎክ እና ቶማስ ካር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎች የሒሳብ ጥያቄዎችን መጀመሪያ በተረጋጋ መንፈስ ይሠራሉ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ጫና ይፈጥሩባቸዋል። ጫናውን የፈጠሩት እንዲህ ብለው ነው፤ ውጤትህን ካሻሻልህ ገንዘብ ታገኛለህ፤ ነገር ግን ከአንተ ጋር የተጣመረው ሌላ ተማሪ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል፤ አንተ ካላሻሻልህ እሱም አያገኝም። በተጨማሪም በካሜራ እየቀረጽንህ ነው፤ ሌሎች ያዩታል።

አያችሁት? ሌላ ሰው በአንተ ተማምኖ ተቀምጧል፣ ሰው እያየህ ነው። የእኛ የቤተሰብ ስልክ የሚለውም ይህንኑ ነው። ያ ጫና ሲመጣ ከባዶቹ ጥያቄዎች ላይ የወደቁት ደካሞቹ አልነበሩም። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በጭንቅላታቸው ይዘው ማስላት የሚችሉት፣ ማለትም ጎበዞቹ፣ ወደ ሌሎቹ ደረጃ ወረዱ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ለመረዳት ቀላል ነው። ስናሰላ ቁጥሮቹን ለጊዜው የምንይዝበት የአእምሮ ቦታ ጠባብ ነው። «እናቴን ባሳፍርስ?» የሚለው ሐሳብም የሚቀመጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲገባ ቁጥሩ ይወጣል።

ይህን ስነግራት የወንድሜ ልጅ «እንግዲህ ከላይ እስከ ታች ሰረዝከው፤ ምን ቀረልኝ?» አለችኝ። የቀረው ቦታው ነው። ሦስት ደቂቃ ባዶ ቦታ አገኘን።

የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠነው ለፍርሃት ነው፤ ግን «አትፍሪ» በሚለው መንገድ አይደለም። ልቡ የሚመታን ሰው «አትፍራ» ብትሉት ልቡ አይቆምም። እንዲያውም ሁለት ሥራ ይሆንበታል፤ ፈተናውም፣ ፍርሃቱን መደበቁም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄረሚ ጀሚሰን እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የተለየ ነገር ነገሯቸው። ግማሾቹን «የልብ መምታት ውጤት አይጎዳም፤ ሊረዳም ይችላል» አሏቸው። እነዚያ በሒሳቡ ክፍል ካልተነገራቸው የተሻለ ሠሩ። ጥናቱ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ስለሆነ ተአምር አትጠብቁበት። ቢሆንም ከ«አትፍሪ» ይሻላል፤ ቢያንስ ሰውነቷ እያደረገ ያለውን ነገር አይክድም።

ሁለተኛው ነገር በጣም ተራ ነው። ፈተናው ምርጫ ነው። በወረቀት ለሚፈተኑት መልሱ የሚጠቆረው ለብቻው ባለ የመልስ መስጫ ወረቀት ላይ ነው። 14ኛውን ጥያቄ አልፋችሁ የ15ኛውን መልስ በ14ኛው መስመር ላይ ካጠቆራችሁ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። የምታውቁት ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይታረማል። በእኛ ሙያ በአንድ መሳት ከቆዩት ስሕተቶች አንዱ ነው፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለውም ሰው ይሠራዋል። መድኃኒቱ ጉብዝና ሳይሆን ቆም ብሎ ማየት ነው። በኮምፒዩተር ለምትፈተን ልጅ ከሆነ የምትልኩት ይህን ክፍል አውጡት፤ አያስፈልጋትም።

ሦስተኛው «የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር» የሚባለው ምክር ነው። ይህ እዚህም እዚያም ይባላል፤ እኔም ከአዲስ አበባ መምህራን ሰምቼዋለሁ፣ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲም ሰምቼዋለሁ። ጀስቲን ክሩገር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የ1,561 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ወስደው የላጲስ ምልክቶችን ቆጠሩ። ከተቀየሩት መልሶች መካከል 51 በመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል የሄዱ ነበሩ። ከትክክል ወደ ስሕተት የሄዱት 25 በመቶ ናቸው። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ተቃራኒውን ያምናል? ትክክል የነበረውን ቀይረን ስንስት ስለሚያንገበግበን ነው። ቀይረን ያገኘነውን ግን ወዲያው እንረሳዋለን። ይህ ማለት ግን የጨነቀን ሁሉ ይቀይር ማለት አይደለም፤ በንግግሩ ላይ ልዩነቱን ለይተን አስቀምጠነዋል።

አራተኛ ነገር መጨመር ፈልጋ ነበር። ግማሽ ውጤት ላላመጡ ተማሪዎች የተጀመረ «ሪሜዲያል» የሚባል የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ ከእነሱ መካከል ጥሩ ውጤት ያላቸው በዚያ በኩል ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። እውነት ነው፣ ደግሞም ጠቃሚ ነው። ግን በዋዜማው ምሽት «ብትወድቂም» ብሎ መጀመር አያስፈልግም። ለሌላ ቀን አቆየነው።

የመጨረሻው ክፍል ቤተሰብ አጣላ ማለት ይቻላል። የወንድሜ ልጅ «ውጤት ሲወጣ ቁጥሩን አልጠይቅሽም» የሚል ቃል መግባት ፈለገች። ደሴ ላለችው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልከው እናቷ ናት። እናቷ «እኔ እየከፈልኩ ውጤቱን አልጠይቅም? ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለች። መብቷ ነው። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «እማ፣ ጠይቂ፤ ግን እህትሽን ጠይቂ፤ እሷን አትጠይቂያት» አለቻት። እናቷ ለሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ የእኔንም ስም ጨምሪበት» አለች። ይህ ቃል ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ከላይ ያየነውን ጫና በቀጥታ የሚያነሣው እሱ ብቻ ነውና። የማትጠብቁት ከሆነ ግን አትግቡት።

እነሆ የተላከው ንግግር።

«ሰላም እህቴ፣ እኔ ነኝ። ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ልብስሽን እያጠፍሽ ስሚኝ፤ ቁጭ ማለት የለብሽም።

ይህን የላክሁት ትችያለሽ ልልሽ አይደለም። የምትችዪውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሦስት ነገር ብቻ ልንገርሽና እተውሻለሁ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ሲታደል ልብሽ ይመታል። እጅሽን ሊያልብሽ ይችላል። ያኔ አለቀልኝ እንዳትዪ። ሰውነትሽ ለሥራ እየተነሣ ነው። መነሻው መስመር ላይ የቆመች ሯጭም ልቧ እንዲሁ ይመታል። እስኪቆም አትጠብቂ። እየመታ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቢ።

ሁለተኛ፣ ያልገባሽን ጥያቄ እለፊው። ስታልፊ ግን በመልስ መስጫው ላይም ያንኑ ቁጥር ባዶ ተዪው። አሥር ጥያቄ በሠራሽ ቁጥር ጣትሽን አስቀምጪና ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን እዪ። አምስት ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሳያልቅ ገና ወዳልመለስሻቸው ትመለሻለሽ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ መልስሽን አትቀይሪ ሲሉሽ ሰምተሻል። ምክንያት ካለሽ ቀይሪ። ጥያቄው ያልሆነው የቱ ነው ብሎ ሳለ አንቺ የሆነውን መርጠሽ ከሆነ ቀይሪ። ስሌቱን ደግመሽ ሌላ ቁጥር ካገኘሽ ቀይሪ። ምክንያት ከሌለሽና ዝም ብሎ ከጨነቀሽ ግን ተዪው።

አሁን ጨረስኩ። ከግቢው ወጥተሽ ስልክሽን ስትከፍቺ ከእኔ መልእክት ታገኛለሽ። ስለ ፈተናው አልጠይቅሽም። ከማን ጋር እንዳደርሽ፣ ምግቡ እንዴት እንደነበረ ትነግሪኛለሽ። ውጤት የወጣ ቀን ደግሞ እደውልልሻለሁ። ቁጥሩን አልጠይቅሽም፤ እናቴም አትጠይቅሽም። መናገር ከፈለግሽ እንሰማሻለን። ካልፈለግሽ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

አይዞሽ። ደኅና እደሪ።»

«አይዞሽ»ም የተሰለቸ ቃል አይደለም ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይደለም። ያ ቃል ምክር አይሰጥም፣ ነገር አያስረዳም፣ ቃል አይገባም። ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ እጅ ነው። ለዚያ ነው መጨረሻ ላይ ብቻውን የተውነው።

ንግግሩን ራሳችሁ ልትቀዱት ከፈለጋችሁ ጥቂት የቋንቋ ነገር ልንገራችሁ። የምትልኩት ለወንድ ከሆነ ግሦቹን ሁሉ መለወጥ አለባችሁ። «ትመለሻለሽ» የሚለው «ትመለሳለህ» ይሆናል፤ «እለፊው» የሚለው «እለፈው»፤ «አይዞሽ» የሚለው «አይዞህ»። አንዱን ረስታችሁ ብትተዉ ይስቃል፤ አይቀየምም። ሌላው በጽሑፍ የማይታየው የመጥበቅ ነገር ነው። «ገና ወዳልመለስሻቸው» ስትሉ የ«ገና»ን «ና» ላላ አድርጉት። ካጠበቃችሁት የልደት በዓል ይሆናል። ከወረቀት እያነበባችሁ እንደሆነ እንዳይታወቅባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡና በራሳችሁ አፍ ተናገሩት። ብትደናቀፉ አትቁረጡት። ውጭ ያደገች ልጅ አማርኛ ስትናገር የምትደናቀፈውን ሰው ይወደዋል።

የምትልኩበትን ቀንም አስቡ። በ2009 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. በፈተናው ወቅት ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ምሽት አትጠብቁ፤ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም አድርጋችሁ ላኩት። «ዛሬ ክፈችው፣ ስልክሽ ላይ ይቀመጥ፤ ማታ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ ትሰሚዋለሽ» ብላችሁ ጻፉላት። አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ባይኖርም ይሰማል።